በየኪሎ ሜትሩ 165 ሴኮንድ፦ የማራቶን ጀግናና ለጤናው የሚሮጥ ሰው ልዩነት እንዴት ይለካል?

በአንድ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን ወደ ሩጫ ሜዳ ይዤ ወጣሁ። በእጃችን የነበረው መሣሪያ ሁለት የሩጫ ሰዓትና አንድ የመለኪያ ሜትር ብቻ ነበር። ጥያቄውም አጭር ነበር፦ «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶንን በሮጠበት ፍጥነት ምን ያህል ርቀት ልትሮጡ ትችላላችሁ?» በመጀመሪያ 100 ሜትር ሞከሩ። በዚህ ፍጥነት 100 ሜትር 17.6 ሴኮንድ ይፈጃል፤ አብዛኞቹ ያለ ብዙ ችግር ቀደሙት፤ አንዳንዶቹም «ይኼ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 400 ሜትር፣ በ70.5 ሴኮንድ እንዲሮጡ ጠየቅኋቸው። ይህን የቻሉት ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛውን ዙር በዚያው ፍጥነት ለመቀጠል ከሞከሩት መካከል ግን የጨረሰ አልነበረም። በሣሩ ላይ ተዘርግቶ የሚያለከልክ አንድ ተማሪ ቀና ብሎ «መምህር፣ ኃይሌ ይህን ስንት ጊዜ ነው የደጋገመው?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ 100 ሜትሩን 422 ጊዜ ያህል፣ ያለ አንዲት ዕረፍት፣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያን የተማሪውን ጥያቄ በቁጥር ነው። በአንድ ታላቅ የማራቶን ሯጭና ለጤናው ብሎ በሚሮጥ ሰው መካከል ያለው ልዩነት በየኪሎ ሜትሩ ስንት ሴኮንድ ነው? ይህስ ቁጥር ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቀናል? ለዚህ የሚያስፈልገን ሒሳብ ከማካፈልና ከማባዛት አያልፍም፤ ሆኖም በዚህ ቀላል ሒሳብ ውስጥ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

ፍጥነትና የኪሎ ሜትር ጊዜ

በፊዚክስ ትምህርት የተለመደው ፍጥነትን በሜትር በሴኮንድ መግለጽ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደተጓዘ እንጠይቃለን። ሯጮችና አሠልጣኞች ግን ጥያቄውን ገልብጠው ይጠይቃሉ፦ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ስንት ጊዜ ፈጀ? «በሦስት ከአሥር ሮጥን» ሲሉ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ጨረስን ማለታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መጠን «የኪሎ ሜትር ጊዜ» ብለን እንጠራዋለን፤ በፊደል p እንወክለው። T ጠቅላላው ጊዜ በሴኮንድ፣ d ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ v ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ ቢሆን፦

p = T ÷ d
v = 1000 ÷ p

እንደሚታየው ፍጥነትና የኪሎ ሜትር ጊዜ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ይህ ግልባጭነት ወደ ኋላ እንደምንመለከተው የብዙ ስሕተት ምንጭ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንሂድ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር መጨረሻ 2008 በበርሊን ማራቶን የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ነበር። በዚህም ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ጊዜ ወደ ሴኮንድ ስንለውጠው 7,439 ሴኮንድ ይሆናል። የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። 7,439ን ለ42.195 ስናካፍል 176.3 ሴኮንድ እናገኛለን፤ ማለትም በአማካይ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ56.3 ሴኮንድ ጨርሷል። በፍጥነት ቋንቋ ይህ 5.67 ሜትር በሴኮንድ ነው።

ከጎኑ የምናቆመው ሰው ለጤናው የሚሮጥ፣ ሥራውን ሠርቶ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን የሚለማመድ፣ ማራቶንን በ4 ሰዓት የሚጨርስ ሰው ይሁን። 4 ሰዓት 14,400 ሴኮንድ ነው፤ ለ42.195 ሲካፈል 341.3 ሴኮንድ ይሆናል። ይህ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 5 ደቂቃ ከ41.3 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱም 2.93 ሜትር በሴኮንድ ነው።

ልዩነቱ እንግዲህ 341.3 ሲቀነስ 176.3፣ ማለትም በየኪሎ ሜትሩ 165 ሴኮንድ ነው።

165 ሴኮንድ ሲደማመር

የኪሎ ሜትር ጊዜ ትልቁ ጥቅሙ መደመር የሚችል መሆኑ ነው። ሁለቱ ሯጮች አብረው ተነሥተው እያንዳንዳቸው አማካይ ፍጥነታቸውን ጠብቀው ቢሮጡ፣ በአንደኛው ኪሎ ሜትር ምልክት ላይ ልዩነታቸው 165 ሴኮንድ፣ በሁለተኛው 330 ሴኮንድ፣ በአሥረኛው 1,650 ሴኮንድ ይሆናል። በ42.195ኛው ላይ 6,961 ሴኮንድ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ፣ ይደርሳል። ይህም በቀጥታ ከ4 ሰዓት ላይ የኃይሌን ሰዓት ስንቀንስ ከምናገኘው ጋር አንድ ነው። በፍጥነት ልዩነት ይህን ማድረግ አንችልም፤ የ2.74 ሜትር በሴኮንድ ልዩነት በማራቶኑ መጨረሻ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ለማወቅ ሁለቱን ፍጥነቶች መልሰን ወደ ጊዜ መለወጥ ይኖርብናል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለወጫ እናገኛለን። በየኪሎ ሜትሩ 1 ሴኮንድ መዘግየት በማራቶን 42 ሴኮንድ ያህል ያስከፍላል። በተቃራኒው በጠቅላላው ውድድር የታየ የ1 ደቂቃ ልዩነት በየኪሎ ሜትሩ 1.42 ሴኮንድ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን መስኮት አንደኛው ሁለተኛውን በ1 ደቂቃ ሲቀድመው እጅግ የራቀ ይመስለናል፤ በየኪሎ ሜትሩ ሲከፋፈል ግን ዓይን ከመጨፈንና ከመግለጥ ብዙም አይረዝምም።

ልዩነቱን በርቀትም ልናየው እንችላለን። ኃይሌ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ የእኛ ሯጭ የት ነው? 7,439ን ለ341.3 ስናካፍል 21.8 ኪሎ ሜትር እናገኛለን። የመንገዱን እኩሌታ ያለፈው ገና 700 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ቀሪው 20.4 ኪሎ ሜትር ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል፦ አማካይ

ይህን መሰናክል የማውቀው ከራሴ ገጠመኝ ነው። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ በሚኖርበት ከተማ በሚካሄድ ማራቶን ለመሮጥ ተመዘገብሁ። ዕቅዴ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ፣ ማለትም በ300 ሴኮንድ፣ በመጨረስ ውድድሩን በሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ መግባት ነበር። የመጀመሪያውን እኩሌታ እንደ ዕቅዴ በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ አለፍሁ። ሠላሳኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፍሁ ግን እግሮቼ እንደ ድንጋይ ከበዱ፤ መራመድና መሮጥ እያፈራረቅሁ ሁለተኛውን እኩሌታ በአማካይ በኪሎ ሜትር 382.5 ሴኮንድ ጨረስሁ። የገባሁት ከ4 ሰዓት 1 ሴኮንድ ቀደም ብዬ ነው።

በማግሥቱ በቢሮዬ ወረቀት ላይ ስሌቴን ስሠራ ፍጥነቶቹን በኪሎ ሜትር በሰዓት ወሰድሁ። የመጀመሪያው እኩሌታ 12፣ ሁለተኛው 9.41 ነበር። ሁለቱን ደምሬ ለሁለት ሳካፍል 10.71 ኪሎ ሜትር በሰዓት አገኘሁ፤ ይህም በኪሎ ሜትር 336.3 ሴኮንድ ነው። በዚህ ሒሳብ ማራቶኑን ከትክክለኛው ሰዓቴ 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድሜ መግባት ነበረብኝ! ሰዓቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ያውም የፊዚክስ ተማሪ ሆኜ።

ስሕተቱ ምንድን ነው? ሁለቱ እኩሌታዎች እኩል ርቀት እንጂ እኩል ጊዜ አልፈጁም። በዝግታ የሮጥሁበት እኩሌታ ረዘም ያለ ጊዜ ስለወሰደ በአማካዩ ላይ የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይገባል፤ ፍጥነቶችን ዝም ብሎ መደመር ግን ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል። የኪሎ ሜትር ጊዜን ስንወስድ ችግሩ ይጠፋል፦ 300 ሲደመር 382.5፣ ለሁለት ሲካፈል 341.3 ሴኮንድ። ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጉዞው በእኩል ርቀቶች ሲከፋፈል የኪሎ ሜትር ጊዜዎችን፣ በእኩል ጊዜያት ሲከፋፈል ደግሞ ፍጥነቶችን ደምሮ ማካፈል ይቻላል። በመንገድ ሩጫ ምልክቶቹ በየኪሎ ሜትሩ ስለሚተከሉ ለሯጭ የሚመቸው የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው መሰናክል፦ እኩል ሴኮንድ እኩል ድካም አይደለም

እስካሁን የሴኮንድ ልዩነት ታማኝ መለኪያ ሆኖ አገኘነው። አሁን ደግሞ የማይታመንበትን ቦታ እንይ። ሁለቱም ሯጮች በየኪሎ ሜትሩ 10 ሴኮንድ ለማሻሻል ወሰኑ እንበል። በማራቶኑ ሁለቱም የሚያተርፉት ጊዜ እኩል ነው፤ 7 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ። የ4 ሰዓቱ ሯጭ በ3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ይገባል፤ ይህ በጥቂት ወራት ሥርዓት ያለው ልምምድ ሊገኝ የሚችል መሻሻል ነው። ኃይሌ ግን በ1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ መግባት ነበረበት። ይህን እስካሁን ማንም ሰው አልሮጠውም። ኤሊውድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2019 በቪየና በልዩ ዝግጅትና በሚፈራረቁ አሯሯጮች ታጅቦ፣ በክብረ ወሰን በማይመዘገብ ሩጫ 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲገባ እንኳ የኪሎ ሜትር ጊዜው 170.2 ሴኮንድ ነበር፤ ከኃይሌ የሚሻለው በ6 ሴኮንድ ያህል ነው።

ለአንዱ የወራት ሥራ የሆነው 10 ሴኮንድ ለሌላው የማይደረስበት የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ በዚያው ግልባጭነት ውስጥ ነው። የ4 ሰዓቱ ሯጭ ከ341.3 ወደ 331.3 ሲወርድ ፍጥነቱ ከ2.93 ወደ 3.02 ሜትር በሴኮንድ ያድጋል፤ ጭማሪው 0.09 ነው። ኃይሌ ከ176.3 ወደ 166.3 ቢወርድ ግን ፍጥነቱ ከ5.67 ወደ 6.01 ያድጋል፤ ጭማሪው 0.34 ነው። አንድ ዓይነት 10 ሴኮንድ፣ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ የፍጥነት ጭማሪ! ካልኩለስ የተማሩ አንባቢያን ምክንያቱን ወዲያው ያዩታል፤ የ1000 ÷ p ለውጥ መጠን በ p ካሬ የተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ p በግማሽ ሲያንስ እያንዳንዱ ሴኮንድ አራት እጥፍ ይከብዳል።

ይህን ወደ ሰውነት ድካም እንለውጠው። በሩጫ ጥናት የታወቀ አንድ ደስ የሚል ግኝት አለ። በሜዳማ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደቱ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ኢነርጂ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ይህም በዝግታ ቢሮጥ ወይም በፍጥነት ቢሮጥ ብዙም አይለወጥም። ለማነጻጸር እንዲመች ሁለቱም ሯጮች 60 ኪሎ ግራም ይመዝኑ እንበል። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 252 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፤ ማራቶኑ በሙሉ 10,600 ኪሎ ጁል ያህል። እንግዲህ ጠቅላላው ወጪ ለሁለቱም ተመሳሳይ ነው! ልዩነቱ ያለው ያን ኢነርጂ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንዳወጡት ነው። በየሴኮንዱ የሚወጣውን ኢነርጂ፣ ማለትም ፓወርን፣ ለማግኘት 252,000 ጁልን ለኪሎ ሜትር ጊዜው ማካፈል ይበቃል። ለ4 ሰዓቱ ሯጭ 738 ዋት፣ በኃይሌ ፍጥነት ለሚሮጥ ደግሞ 1,429 ዋት ይሆናል። የ10 ሴኮንዱ መሻሻል የመጀመሪያውን 22 ዋት፣ ሁለተኛውን 86 ዋት ተጨማሪ ይጠይቀዋል።

ስለዚህ የሴኮንድ ልዩነት «ማን መቼ ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። «ማን ምን ያህል ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ ግን ልዩነቱን ሳይሆን የሁለቱን ውድር መውሰድ ይገባል። 341.3 ለ176.3 ሲካፈል 1.94 ነው፤ ኃይሌ በየሴኮንዱ የሚያወጣው ኢነርጂ የ4 ሰዓቱን ሯጭ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ተማሪው በሣሩ ላይ የተዘረጋው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። ሰውነት ለረጅም ጊዜ ኢነርጂ ሊያመነጭ የሚችለው በኦክስጅን አማካይነት ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን 20 ኪሎ ጁል ያህል ኢነርጂ ያስገኛል። 738 ዋት በደቂቃ 44 ኪሎ ጁል ስለሆነ 2.2 ሊትር ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 37 ሚሊ ሊትር በደቂቃ መሆኑ ነው። 1,429 ዋት ግን 71 ሚሊ ሊትር ይጠይቃል። በልምምድ የተገሩ ታላላቅ ሯጮች በእርምጃቸው ቆጣቢ ስለሆኑ ትክክለኛው ፍጆታቸው ከዚህ ጥቂት ያንሳል፤ መሠረታዊው ሥዕል ግን አይለወጥም።

ሩጫ ያልለመደ ጤነኛ ወጣት ወንድ ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም በደቂቃ ነው። ሳንባው ቢተነፍስ፣ ልቡ ቢመታ ከዚያ አያልፍም። በኃይሌ ፍጥነት ሲሮጥ የሚያስፈልገው 71 ከሆነ ጉድለቱን ከየት ያመጣል? ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ኢነርጂ የሚያመነጭባቸው መንገዶች አሉት፤ ነገር ግን እነዚህ እንደ ብድር ናቸው፤ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ፤ ጡንቻውም አሲዳማ እየሆነ መኮማተር ይሳነዋል። 100 ሜትሩ 17.6 ሴኮንድ ብቻ ስለሚፈጅ ብድሩ ይበቃዋል። 400 ሜትሩ ብድሩን ሊጨርሰው ይቃረባል። በሁለተኛው ዙር ዕዳው ይጠየቃል። ኃይሌ ግን በዚያ ፍጥነት የሚሮጠው በብድር ሳይሆን በዕለት ገቢው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ይህ ነው፤ በ100 ሜትር የማይታየውም ለዚህ ነው።

በእኔ ማራቶን የሆነው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከላይ የተጠቀምንበት ቀላል ሞዴል በየኪሎ ሜትሩ የሚወጣው ኢነርጂ አይለወጥም ስለሚል፣ መጀመሪያ ፈጥኖ ኋላ መዘግየት ከእኩል አሯሯጥ የሚለየው ነገር የለም። ሰውነት ግን በዚህ አይስማማም። በፍጥነት በሮጥን ቁጥር ከምናቃጥለው ነዳጅ ውስጥ የካርቦሃይድሬት ድርሻ ይጨምራል፤ በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመው ካርቦሃይድሬት ደግሞ ውሱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለሙሉ ማራቶን ብቻውን አይበቃም። እኔ በመጀመሪያው እኩሌታ በየኪሎ ሜትሩ ያተረፍኋትን 41 ሴኮንድ በሁለተኛው እኩሌታ አንድ በአንድ መለስኋት። ሯጭ ይህን ስሕተት በጊዜ የሚያውቅበት ምልክት አለው፤ ድካሙ ሳይቀንስ የኪሎ ሜትር ጊዜው በተከታታይ ማደግ ከጀመረ፣ አጀማመሩ ከአቅሙ በላይ ነበር ማለት ነው።

ትንንሽ ልዩነቶችና የመለኪያ ስሕተት

165 ሴኮንድ ትልቅ ቁጥር ነው። በታላላቆቹ መካከል ያለውን ልዩነት ስናይ ግን ቁጥሮቹ ይደቅቃሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የኪሎ ሜትር ጊዜው 192.3 ሴኮንድ ነበር። ከአበበ እስከ ኃይሌ የበርሊን ሩጫ 48 ዓመት አልፏል፤ ልዩነታቸው በየኪሎ ሜትሩ 16 ሴኮንድ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሲገባ የኪሎ ሜትር ጊዜው 173 ሴኮንድ ሆነ፤ ከኃይሌ የሚለየው በ3.3 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ልዩነቱ እንዲህ ሲያንስ «በምን ለካነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የሜዳው ነው። ደረጃውን የጠበቀ የሩጫ ሜዳ 400 ሜትር የሚሆነው በመጀመሪያው፣ በውስጠኛው መም ላይ ብቻ ነው። የአንዱ መም ስፋት 1.22 ሜትር ስለሆነ በሁለተኛው መም ላይ አንድ ዙር 407 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሳያውቅ በሁለተኛው መም ላይ እየሮጠ ዙሩን 400 የሚል ተማሪ 341 ሴኮንድ ያገኘ እንደሆነ ትክክለኛው 335 ነው። ስሕተቱ ወደ 6 ሴኮንድ ይጠጋል፤ በኃይሌና በቀነኒሳ መካከል ካለው ልዩነት ይበልጣል።

ሁለተኛው የሳተላይት ሰዓት ነው። በእጅ የሚታሰረው ሰዓት ቦታችንን በየጊዜው ሲመዘግብ እያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት ሜትሮች ወዲህና ወዲያ ይላል፤ ነጥቦቹ ሲገናኙ መንገዱ የተጠማዘዘ፣ ረዘም ያለ ይመስላል። ሯጩም በየማዕዘኑ አጭሩን መስመር ስለማይከተል በእርግጥም ጥቂት ተጨማሪ ይሮጣል። ሰዓቱ 42.9 ኪሎ ሜትር ቢያሳየውና በ4 ሰዓት ቢገባ፣ ሰዓቱ የሚነግረው 335.7 ሴኮንድ ነው፤ በውድድሩ ርቀት ግን 341.3 ነው። ለማረጋገጥ ጠቅላላውን ጊዜ ለ42.195 ማካፈል ይበቃል። ኦፊሴላዊ መንገዶች ግን የሚለኩት ጎማው በጥንቃቄ በተመዘነ ብስክሌት፣ በአጭሩ መስመር ላይ ነው፤ መንገዱ እንዳያጥር ሲባልም ከሺህ አንድ እጅ፣ ማለትም 42 ሜትር ያህል፣ ይጨመርበታል። ይህ ጭማሪ በኃይሌ ፍጥነት 7 ሴኮንድ ተኩል ያህል ሲሆን በየኪሎ ሜትሩ ከ0.2 ሴኮንድ አይበልጥም። ስለዚህ 3.3 ሴኮንዱ እውነተኛ ልዩነት ነው ማለት እንችላለን።

በመጨረሻ ስለ ቦታ አንድ ነገር። በርሊን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በኛ ሜዳ የለካነውን የኪሎ ሜትር ጊዜ ከበርሊን ውጤት ጋር ስናስተያይ ልዩነቱ በከፊል የአየሩ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ተጽናኑ። ከ165ቱ ውስጥ ግን አብዛኛው የእግራችንና የልባችን መሆኑን ሳልጨምርላቸው አላለፍሁም።

መልመጃ

1. ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በበርሊን ማራቶን የገባችው በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ነው። የኪሎ ሜትር ጊዜዋን ፈልጉ፤ አበበ ቢቂላ በሮም ከሮጠበት ጋር አስተያዩ።

2. ማራቶንን በ5 ሰዓት የሚጨርስ ሰው፣ ኃይሌ በበርሊን በሮጠበት ፍጥነት ከሚሮጥ ሰው ጋር አብሮ ቢነሣ፣ ያኛው ሲገባ እርሱ የት ይደርሳል?

3. አንድ ተማሪ በሁለተኛው መም ላይ 5 ዙር በ12 ደቂቃ ሮጠ። ትክክለኛ የኪሎ ሜትር ጊዜው ስንት ነው?

መልስ

1. 7,913 ÷ 42.195 = 187.5 ሴኮንድ፤ ከአበበ የሮም ሩጫ በየኪሎ ሜትሩ 4.8 ሴኮንድ ትፈጥናለች።

2. የ5 ሰዓቱ ሯጭ የኪሎ ሜትር ጊዜ 426.6 ሴኮንድ ነው፤ 7,439 ÷ 426.6 = 17.4 ኪሎ ሜትር።

3. ርቀቱ 5 × 407 = 2,035 ሜትር፤ 720 ÷ 2.035 = 353.8 ሴኮንድ። ዙሩን 400 ሜትር ብሎ ቢያሰላ ኖሮ 360 ያገኝ ነበር።